ከሥራ በኋላ ፒያኖ ለምትለማመዱ፦ ሃያዋን ደቂቃ እንዲህ ተጠቀሙባት

ልጆቼ፣ ብዙ ዓመት ፒያኖ ያስተማርኩት ውሏቸውን ሥራ ላይ ለሚያሳልፉ አዋቂዎች ነው። አንድ ቅሬታ ከሁሉም ሰምቻለሁ፦ «በቀን ሃያ ደቂቃ እለማመዳለሁ፣ ግን ወራት አለፉ፣ እዚያው ነኝ።»

አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የደቂቃው ማነስ አይደለም። ተማሪው ቁጭ ይልና ሙዚቃውን ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ የሚከብደው ቦታ ሲደርስ ይደናቀፋል፣ ከዚያ ተመልሶ እንደገና ከላይ ይነሳል። ስለዚህ አብዛኛው ደቂቃ በደንብ በሚያውቀው ክፍል ላይ ሲያልቅ ከባዱ ቦታ በየዙሩ የሚነካው ለአፍታ ብቻ ነው፣ እሱም በስህተት።

እኔ የምመክራችሁ ይኼን ነው። ፒያኖው ላይ እንደተቀመጣችሁ፣ ጣታችሁን ሳታሟሙቁ፣ ትናንት የሠራችሁበትን ቦታ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫወቱት። እውነተኛው ፈተና ይሄ ነው። ትናንት በአሥረኛው ሙከራ ጥሩ መጫወታችሁ ብዙ አይነግራችሁም፤ ዛሬ በመጀመሪያው ሙከራ ከወጣ ግን ገብቷችኋል። ከዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃውን ለሁለት ባር ብቻ ስጡት። የቀረውን የምትወዱትን ነገር ሳታቋርጡ ተጫወቱበት።

አንድ ተማሪዬ ሜትሮኖሙ 84 ላይ ሲደርስ አንድ ቦታ ሁሌ ይሰናከል ነበር። 60 ላይ ምንም ችግር የለም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ቢጨምርም እዚያው 84 ላይ ይቆማል። እጁን ሳየው ነገሩ ገባኝ። ወደ ላይ በሚወጣው መስመር አምስቱንም ጣቶቹን በተከታታይ ይጨርስና ለስድስተኛው ኖታ እጁን አንስቶ ያዘልለዋል። በቀስታ ሲሆን ለመዝለያው ጊዜ አለው። ሲፈጥን ግን ጊዜው ያልቃል። ፍጥነቱን ብቻ ቢለማመድ ኖሮ ዓመትም አይፈታለትም ነበር።

ከሦስተኛው ጣት በኋላ አውራ ጣቱን ከሥር እንዲያሳልፍ አደረግነው፣ የጣቶቹን ቁጥርም ኖታው ላይ በእርሳስ ጻፈ። ወደ 50 ወረድን። አዲሱን አካሄድ ሲይዝ መጀመሪያ ከበፊቱ የባሰ ሆነበት፣ ተስፋም ሊቆርጥ ደርሶ ነበር፣ ይሄ ግን የሚጠበቅ ነው፤ እጅ የለመደውን ቶሎ አይተውም። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያለ ስህተት ሲወጣለት በአራት ይጨምራል፣ ከተሳሳተ አንድ ደረጃ ይወርዳል። በሁለተኛው ሳምንት 84ን አለፈው።

ስለዚህ አንድ ፍጥነት ላይ አራት አምስት ቀን ከቆማችሁ ሜትሮኖሙን ተዉትና ስልካችሁን አጠገባችሁ አቁማችሁ እጃችሁን በቪዲዮ ቅረጹ። ጣት ያለቀበት ቦታ አለ? ትከሻችሁ ወደ ላይ ይነሳል? የግራ እጁን ብቻውን ስትጫወቱት ይወጣል?

ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ደብተር ላይ አንድ መስመር ጻፉ፦ «ነገ ከባር 17፣ ቀኝ እጅ፣ 56 ላይ።» አለዚያ የነገዋ አምስት ደቂቃ «ከየት ልጀምር» ስትሉ ታልቃለች። ያ ቦታ ሦስት ቀን በተከታታይ በመጀመሪያው ሙከራ ከወጣላችሁ ከደብተሩ ሰርዙትና ወደሚቀጥለው ሁለት ባር እለፉ።