የሰርግ ቪዲዮ ኤክስፖርት፦ ለቴሌግራም ከበደ፣ ቲክቶክ ላይ ደበዘዘ

ጥያቄ፦ «ሰላም ቤተሰብ፣ የ4 ደቂቃ የሰርግ ሃይላይት ከፕሪሚየር ኤክስፖርት ሳደርገው 2 ጊጋ ሆነብኝ፣ ለሙሽሮቹ በቴሌግራም ለመላክ ከበደኝ። ያንኑ ፋይል ቆርጬ ቲክቶክ ላይ ስጭነው ደግሞ ይደበዝዛል። ምን ሴቲንግ ልጠቀም?»

ሰላም ወንድሜ፣ ሁለቱ የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው ቢትሬት ነው። የፋይሉ ክብደት ማለት ቢትሬት ሲባዛ በሰከንዱ ነው በቃ። 4 ደቂቃ 240 ሰከንድ ነው፣ 2 ጊጋ ከሆነብህ በየሰከንዱ ወደ 66 ሜጋቢት እየጻፈ ነው ማለት ነው፣ ለ1080 ይሄ ከሚገባው በላይ ነው። H.264 ምረጥና Target Bitrate የሚለውን 10 አድርገው፣ 240 በ10 ሲባዛ 2400 ሜጋቢት፣ ለ8 ስታካፍለው 300 ሜጋባይት ይመጣልሃል። ከወጣ በኋላ አዳራሹ ጨልሞ ጭስ የሚለቀቅበትን ቦታ ሂድና እየው፣ ጥቁሩ ላይ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ነገር ከታየህ ቢትሬቱ አንሶታል፣ 14 አድርገህ ድገመው። ስትልክ ደግሞ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ አለበለዚያ ቴሌግራም እንደገና ይጨምቀዋል።

የቲክቶኩ ጉዳይ ግን በቢትሬት አይድንም፣ እዚህ ጋ ብዙ ልጆች ቢትሬት ሲጨምሩ ነው የሚውሉት። አግድም ከሆነ 1920 በ1080 ፋይል ላይ ቁመት 9:16 ስትቆርጥ የሚቀርህ ስፋት 608 ፒክስል ብቻ ነው፣ እሱን ወደ 1080 ስትለጥጠው እያንዳንዱ ነገር 1.8 እጥፍ ገደማ ይሰፋል፣ የሙሽራዋ ፊት የሚደበዝዘው ለዛ ነው። በዛ ላይ አንዴ የተጨመቀውን ፋይል ነው የቆረጥከው፣ ቲክቶክም በራሱ ይጨምቀዋል።

ስለዚህ ያለቀውን ፋይል ተወውና ወደ ፕሮጀክቱ ተመለስ። ካሜራህ 4ኬ ቀርጾ ከሆነ ችግር የለም፣ ከ4ኬ ላይ ቁመት ስትቆርጥ 1215 ፒክስል ስፋት ስለሚተርፍህ ከበቂ በላይ ነው። 1080 በ1920 የሆነ አዲስ ሲኩዌንስ ክፈት፣ ኦሪጅናል ክሊፖቹን አስገባና ሙሽሮቹ መሀል እንዲሆኑ እያንዳንዱን ሾት በእጅህ አስተካክል። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፣ ክሊፑ ላይ Scale to Frame Size የሚለውን አትንካ፣ እሱ 4ኬውን አሳንሶ ያስቀምጠውና በኋላ ዙም ስታደርግ ተመልሶ ይደበዝዛል፣ Set to Frame Size የሚለው ግን ኦሪጅናሉን ፒክስል አይነካብህም። የቀረጽከው በ1080 ከሆነ ግን አትለጥጠው፣ አግድሙን እንዳለ መሀል አስቀምጠውና ከላይና ከታች ያለውን ቦታ በብለር ሙላው፣ ምስሉ ያንሳል ግን ጥርት ያለ ነው፣ እኔ ከደበዘዘ ፉል ስክሪን ይሄን እመርጣለሁ።

ፍሬም ሬቱን ካሜራው በቀረጸበት ተወው። በ25 የተቀረጸን 30 ብለህ ስታወጣው አንዳንድ ፍሬም ይደገማል፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ ካሜራው ቀስ ብሎ የሚዞርበት ሾት ላይ ቆረጥ ቆረጥ ሲል በደንብ ይታይሃል።