የአጎቴ ፎቶ ለሎጎ

«ቡሬ የማር ሱቅ ያለውን አጎቴን ካርቱን አድርጌ ሎጎ ልሰራለት ብዬ Inkscape ላይ በTrace Bitmap ሞከርኩት፣ ፊቱ ዝብርቅርቅ ብሎ ወጣ፣ ምን ላድርግ?»

Trace Bitmap ተወው ወንድሜ፣ እሱ የሚያየው ብርሃንና ጥላ እንጂ አፍንጫና ጢም አይደለም፣ ጉንጭ ላይ ያለችውን ጥላ ሁሉ ቅርጽ አድርጎ ይቆርጥልሃል። በእጅ አስምረው። እኔ ደብረ ማርቆስ ለአንድ ቅቤ ነጋዴ ስሰራ ሰውየውን ደጅ ጥላ ስር ፊት ለፊት አነሳኋቸው፣ ፎቶውን ታች ሌየር ላይ አድርጌ አደብዝዤ ቆለፍኩትና ከላይ በአዲስ ሌየር በፔን ቱል ማስመር ጀመርኩ። ግን ከዛ በፊት ደንበኞቻቸውን በምን እንደሚያውቋቸው ጠየቅኩ፣ ሁሉም ወፍራሙን ጢማቸውንና እስከ ጆሯቸው የሚከናነቡትን ጋቢ ነው ያሉኝ። ስለዚህ ጢሙን ከፎቶው አንድ ተኩል እጥፍ አገዘፍኩት፣ ዓይን ሁለት ነጥብ፣ አፍንጫ አንድ መስመር፣ የግንባር መጨማደድ ምናምን ሁሉ ቀረ፣ በጣም የሚገርመው ዝርዝሩ ሲቀነስ ነው ይበልጥ እሳቸውን የመሰለው።

የተሳሳትኩት ጋቢው ላይ ነው፣ ጥለቱን በስድስት ቀጫጭን መስመር ሰርቼ ስኮራ ማህተም ላይ ሲወርድ መስመሮቹ ተጣብቀው ጥቁር ቁራጭ ሆኑ፣ ወደ ሁለት ወፍራም መስመር ቀነስኩት። አንተ ሳታስረክብ በ2 ሴንቲ ሜትር፣ በጥቁር ብቻ ፕሪንት አድርገህ ክንድህን ዘርግተህ እየው፣ ጢሙ ካልታየህ ገና ነው። መጨረሻ ላይ መስመሮቹን መርጠህ Path > Stroke to Path በል፣ አለዚያ ለታፔላ ሲያሳድጉት በአንዳንድ ፕሮግራም መስመሩ አብሮ ሳይወፍር ይቀርና ፊቱ ክር ይመስላል።