የ30 ዓመት ሲቪ የቱ ጋ ይቆረጣል?

«54 ዓመቴ ነው፣ ሂሳብ ላይ 30 ዓመት ሰርቻለሁ፣ የመጨረሻዎቹ 22 ዓመታት አንድ ድርጅት ውስጥ ናቸው። ሲቪዬ አምስት ገጽ ሆኗል፣ ስምንት ቦታ አስገብቼ አንድም የደወለ የለም። ልጄ አሮጌውን ሁሉ አጥፋው ትለኛለች፣ እኔ ደግሞ ከዛ ውስጥ የማፍርበት ነገር የለም። ምኑን ላጥፋ?»

ጋሼ፣ ልጅዎ ግማሽ ልክ ናት። አብዛኛው ቀጣሪ የሚያየው የመጨረሻዎቹን ከ10 እስከ 15 ዓመታት ነው፣ ከዛ በፊት ያለው ቦታ ይይዛል እንጂ ብዙም አይነበብም።

የእርስዎ ችግር ግን 22 ዓመት አንድ ቤት መሆኑ ነው፣ የገቡበትን ዓመት ከድርጅቱ ስም አጠገብ ከጻፉት አንባቢው እዛው እድሜ ማስላት ይጀምራል። ስለዚህ የድርጅቱን ስም ያለ ዓመት አንዴ ይጻፉና ከስሩ የመጨረሻዎቹን ሁለት የስራ መደቦች ብቻ እያንዳንዱን ከነራሱ ዓመት ያስቀምጡ፣ ለምሳሌ ሲኒየር አካውንታንት 7 ዓመት፣ የፋይናንስ ኃላፊ 6 ዓመት ከሆነ 13ቱ ይበቃል፣ በጀማሪነት የሰሩት 9 ዓመት ይውጣ። ውሸት አይደለም እኮ፣ መምረጥ ነው።

ከዛ በፊት ያለው 8 ዓመት ላይ ግን ቆም ይበሉ። እዛ ውስጥ ዛሬም የሚሸጥ ነገር ካለ፣ ለምሳሌ ሂሳቡን ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒውተር ያዞሩት እርስዎ ከሆኑ፣ መጨረሻ ላይ «ቀደም ያለ ልምድ» ብለው ያለ ዓመተ ምህረት በአንድ መስመር ይጻፉት። የሶፍትዌሩን ስም ግን አይጥሩ፣ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበት ከሆነ ከልደት ቀን ይብሳል።

መግቢያው ላይ ያለውን «የ30 ዓመት የካበተ ልምድ»ም «ከ15 ዓመት በላይ» ያድርጉት፣ የተመረቁበትን ዓመት፣ የልደት ቀንና ፎቶ ካልተጠየቁ ያውጡ (ዲግሪው ራሱ ይቀራል)። በተረፈው ቦታ የቅርቡን ስራ ያስፉት። «ሂሳብ የመዝጋት ኃላፊነት ነበረኝ» ከሚል «የወር ሂሳብ መዝጊያውን ከ12 ቀን ወደ 5 ቀን አወረድኩ» የሚል ይሻላል፣ ቁጥሩ የእርስዎ የራስዎ ይሁን ታዲያ።

አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፣ ቀጣሪው ፎርም ሰጥቶ ሙሉ የስራ ታሪክ ከጠየቀ ሁሉንም በትክክል ይሙሉ፣ ፎርም ላይ መቁረጥ መደበቅ ነው፣ በኋላ ከማስረጃው ጋር ሲያመሳክሩት ጣጣ ያመጣል።

ሁለት ገጽ ሲሆንልዎ ለማያውቅዎ ሰው ሰጥተው እድሜዎን ያስገምቱት። «ሃምሳ ምናምን» ካለ የትኛው መስመር እንደነገረው ይጠይቁትና እሷን ያስተካክሉ።