«ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው» ማለት እስከ የት ያስኬዳል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ከአንድ የቤት ኪራይ ድረ ገጽ ማስታወቂያ በስክሪፕት ሰብስቤ የሰፈር ዋጋ የሚያነጻጽር አፕ ሠርቻለሁ። ገጹ ክፍት ነው፣ ፓስወርድ አይጠይቅም። ስክሪፕቴ ድረ ገጹ ለሮቦቶች የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የሚጽፍበትን robots.txt የተባለ ፋይል ያነባል፣ በየጥያቄው መሀል 1 ሰከንድ ያርፋል። መጀመሪያ ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር፣ አሁን ግን ይሠራል። ባለፈው ሳምንት የድርጅቱ ጠበቃ «ሥርዓታችንን አውከሃል» የሚል ማስጠንቀቂያ ላከልኝ። ማንም የሚያየውን ነገር ማየት እንዴት ያስከስሳል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔን ያሳሰበኝ «ትንሽ አስቸግሮኝ ነበር» ብለህ ያለፍካት ነገር ናት። ስክሪፕት በራሱ ጊዜ አስቸግሮ በራሱ ጊዜ አይስተካከልም። የሆነ ነገር ቀይረሃል። ጉዳይህ የሚከብደውም የሚቀለውም በቀየርከው ነገር ነው፣ ያልነገርከኝም እሱኑ ነው።

ሕጉን ባጭሩ ላስቀምጥልህ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 3 ያለ ፈቃድ ወይም ከፈቃድ አልፎ ሆን ብሎ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ወይም ዳታ መግባትን ይከለክላል። አንቀጽ 5 ደግሞ የሥርዓቱን ሥራ ሆን ብሎ ማወክን ይመለከታል። የደረሰህ ማስጠንቀቂያ ወደዚህኛው የሚያዘነብል ይመስላል፣ ግን ደብዳቤውን ስላላየሁት በእርግጠኝነት አልናገርም። ወንጀል ባይሆን እንኳ በጥፋቱ ጉዳት ያደረሰ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2028 ካሣ ሊጠየቅ ይችላል። የቤቶቹን ፎቶ ገልብጠህ ከሆነ የቅጂ መብት፣ የአከራይና የደላላ ስልክ ሰብስበህ ከሆነ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጁ ይመጣብሃል። እነዚህን ለጠበቃህ ለይተህ ንገረው።

በሁለቱም የወንጀል አንቀጾች ውስጥ «ሆን ብሎ» የሚለውን ልብ በል። ማንም የሚያየውን ገጽ ቀስ ብሎ ያነበበን ሰው በዚህ መክሰስ ቀላል አይደለም። ችግሩ ፕሮግራመሮች ራሳቸው ለከሳሽ ማስረጃ እያዘጋጁ መስጠታቸው ነው። አንተም እንደዚያ እንዳላደረግህ እፈራለሁ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ስክሪፕቱ ሲሮጥ ቆይቶ 429 የሚል መልስ ይመጣል። ትርጉሙ «ጥያቄ አበዛህብኝ» ነው። ወይም 403 ይመጣል፣ «አልፈቅድም» ማለት ነው። ይህ የቴክኒክ ብልሽት አይደለም፣ ባለቤቱ እያናገረህ ነው። ብዙ ሰው ግን እንደ ብልሽት ያየውና «ሊያስተካክለው» ይነሳል። የስክሪፕቱን ስም አጥፍቶ ክሮም ብሮውዘር ነኝ ያስብላል። ከዚያ ፕሮክሲ ገዝቶ አይፒ አድራሻ ይቀያይራል። ስክሪፕቱ እንደገና ይሠራል፣ ሰውየውም ደስ ይለዋል።

አሁን ይህንኑ ከወዲያኛው ወገን እየው። በድርጅቱ ሰርቨር ላይ የሚቀረው መዝገብ ይህን ይመስላል፦

```
10:14:02  /rent?page=41  429  "KirayBot/1.0"
10:14:03  /rent?page=41  429  "KirayBot/1.0"
10:31:40  /rent?page=41  200  "Mozilla/5.0 ... Chrome ..."
10:31:41  /rent?page=42  200  "Mozilla/5.0 ... Chrome ..."
```

እዚህ ባላሳየውም አይፒው ሌላ ነው፣ ስሙም ሌላ ነው፣ መልሱም ከ429 ወደ 200፣ ማለትም ወደ «እሺ»፣ ተለውጧል። ነገር ግን ገጽ 41 ላይ የቆመው ሥራ ከዚያው ከገጽ 41 ቀጥሏል፣ እረፍቱም ያው 1 ሰከንድ ነው። ይህን ዳኛ ፊት ለማስረዳት ኤክስፐርት ብዙ አይለፋም። «ክልከላውን አላወቅሁም» የሚለው መከላከያህ በእነዚያ 17 ደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ሱቅ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ውጣ የተባለ ሰው ልብስ ቀይሮ ሲመለስ ግን ነገሩ ይለወጣል።

በአሜሪካ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. በ2013 የታየ ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። ስሪታፕስ የተባለ ድርጅት የክሬግዝሊስትን ማስታወቂያዎች ይሰበስብ ነበር። ክሬግዝሊስት አቁም የሚል ደብዳቤ ላከ፣ አይፒውንም ዘጋ። ስሪታፕስ በሌላ አይፒ ቀጠለ። ገጹ ለሁሉም ክፍት ነው ብሎ ቢከራከርም ፍርድ ቤቱ ክሱን አልዘጋለትም። በ2015 አንድ ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቶ ጨረሰ። በሌላ በኩል ሃይኪው የተባለ ድርጅት የሊንክድኢንን ገጾች በመሰብሰቡ በተነሳው ክርክር እዚያው አሜሪካ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2022 ክፍት ገጽን ለሚሰበስበው ወገን አዘንብሎ ነበር። ያም ሆኖ በዚያው ዓመት ሃይኪው የአጠቃቀም ውል ጥሷል ተባለ። እነዚህ እኛን የሚያስገድዱ ፍርዶች አይደሉም። ክርክሩ የት ላይ እንደሚያዘነብል ግን ያሳያሉ። አንተም ያንን ገጽ ስትጠቀም አካውንት ከፍተህ ውሉን «እስማማለሁ» ብለህ ከሆነ ለጠበቃህ አትደብቅ።

አሁን ስለ robots.txt። ፋይሉን ማንበብህ ቅን ልቦናህን ያሳያል፣ ነገር ግን የፈቃድ ወረቀት አይደለም። በ2022 የወጣው መስፈርት፣ RFC 9309፣ ራሱ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፉት ሕጎች የመዳረሻ ፈቃድ እንዳልሆኑ ይናገራል። ደግሞ መቼ እንዳነበብከው ይጠየቃል። መስፈርቱ የተቀመጠን ቅጂ ከ24 ሰዓት በላይ አትጠቀም ይላል። ሰርቨሩ ፋይሉን ሲጠየቅ በ5 የሚጀምር ስህተት ከመለሰ፣ ሁሉም ነገር እንደተከለከለ ቁጠር ይላል። ብዙ ስክሪፕት ግን እንዲህ ያለ ስህተት ሲመጣበት «አልተከለከልኩም» ብሎ ይቀጥላል። ያንተ ምን እንደሚያደርግ ኮዱን ከፍተህ እይ።

ስለ 1 ሰከንዱም ልጠይቅህ። ስክሪፕቱ አንድ ነው ወይስ ስምንት ሆኖ በአንድ ጊዜ ይሮጣል? እያንዳንዱ 1 ሰከንድ ቢያርፍ እንኳ ስምንቱ ተደምረው በሰከንድ እስከ ስምንት ጥያቄ ይልካሉ። «አውከሃል» የሚለው ክስ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚህ ድምር ነው። የኪራይ ዋጋ ደግሞ በየሰከንዱ አይለወጥም። አንድ ስክሪፕት ሌሊት በየ10 ሰከንዱ አንድ ገጽ ቢያነብ ሥራህ አይጎድልም።

ወደፊት ፈቃድ አግኝተህ የምትቀጥል ከሆነ ስክሪፕቱ ማንነቱን ይናገር፦

```
User-Agent: KirayBot/1.0 (+https://example.com/bot; bot@example.com)
```

አድራሻው የምትከፍተው ኢሜይል ይሁን። ባለቤቱ ጠበቃ ከመላኩ በፊት ሊጽፍልህ የሚችለው በዚህ ነው። 429 ወይም «ለጊዜው አልችልም» የሚለው 503 ሲመጣ Retry-After የሚል መልስ አብሮ ካለ፣ የተጻፈውን ያህል ጠብቅ። ከሌለ 1 ደቂቃ፣ ከዚያ 2፣ ከዚያ 4 እያልክ አርፍና ካልተሻለ ስክሪፕቱ ራሱን ያጥፋ። 403 ሲመጣ ግን እንደገና መሞከር የለም። እዚያው አቁመህ ለባለቤቱ ጻፍ።

ለአሁኑ ስክሪፕቱን ዛሬውኑ አቁም። ደብዳቤው ከደረሰህ በኋላ የላክኸው እያንዳንዱ ጥያቄ ከበፊቱ ሁሉ ይከብዳል። ኮዱን፣ የለውጥ ታሪኩን፣ ሎጎችህን፣ የፕሮክሲ ደረሰኝ ካለም እሱን፣ አንዱንም እንዳታጠፋ። ማጥፋት ራሱ ሌላ ጣጣ ያመጣብሃል። ለድርጅቱ ጠበቃ በስልክም በቴሌግራምም «ይቅርታ፣ አላወቅሁም ነበር» ብለህ አትጻፍ። ይህችም ማስረጃ ትሆናለች።

ፈቃድ ያለው ጠበቃ ዘንድ ስትሄድ ማስጠንቀቂያውን ከነፖስታው ወይም ከነኢሜይሉ፣ የድረ ገጹን የአጠቃቀም ውል ቅጂ፣ መጀመሪያ 429 ወይም 403 የመጣበትን ቀንና ከዚያ በኋላ የቀየርከውን ኮድ ይዘህ ሂድ። ደብዳቤው መልስ የሚጠብቅበት ቀን ካለው፣ ያ ቀን ሳያልፍ ሂድ።