ልቤ ሲመታ ሰውነቴ ማቃጠል ጀመረ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60፣ ኪሎዬ 78 ነው። ባንክ ከገባሁ ወዲህ በአራት ዓመት 11 ኪሎ ጨመርኩ። የምበላው እኮ ትንሽ ነው። የ31 ዓመት እህቴ ግን ያገኘችውን ትበላለች፤ እስካሁን 56 ኪሎ ናት። ሜታቦሊዝም ከ30 በኋላ ይቀዘቅዛል ይባላል። አክስቴ እንቅርቷን ኦፕሬሽን ከሆነች ጀምሮ የምትውጠው የታይሮይድ ኪኒን አለ፤ ከእሷ እየወሰድኩ ሦስት ሳምንት ዋጥኩ። ማታ ማታ ልቤ ይመታል፣ ያልበኛል። ሰውነቴ ማቃጠል ጀመረ ማለት ነው? እናቴም እንደኔ እየወፈረች ሄዳ በስኳር በሽታ እግሯ ተቆረጠ።

መልስ፦ እህቴ፣ ያንን ኪኒን ከዛሬ ጀምሮ አይዋጡ። ወደ እሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውነትዎ እንዳልተበላሸ ላሳይዎት፤ ያስጨነቀዎት ይህ ይመስለኛልና።

ሰው ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ቢውል እንኳ ልብ፣ አንጎል፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ጡንቻ ሥራ አያቆሙም። በቀን ከምናቃጥለው አብዛኛው እዚያ ያልቃል። ይህን ከኪሎ፣ ከቁመት፣ ከዕድሜና ከጾታ የምንገምትበት ስሌት አለ። በእርስዎ ቁጥር ሳሰላው በቀን 1,450 ካሎሪ ያህል ወጣ። እህትዎን በእርስዎ ቁመት ባሰላት 1,240 አካባቢ ናት። ይኸውልዎት፣ ዝም ብለው ተቀምጠው ከእህትዎ 200 ያህል የበለጠ የሚያቃጥሉት እርስዎ ነዎት። ትልቅ ሰውነት ብዙ ይፈጃል። ወፍራም ሰው ቀርፋፋ ሜታቦሊዝም አለው የሚለው ወሬ እዚህ ላይ ይወድቃል።

በኪሎ፣ በቁመትና በዕድሜ እኩል የሆኑ ሰዎችም ትንሽ ይለያያሉ። ስሌቱ ለአብዛኛው ሰው የሚስተው እስከ 10 በመቶ ነው። በእርስዎ ሲሰላ 145 ካሎሪ ያህል ማለት ነው፤ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም። የ30 ዓመቱም ነገር እውነት አይደለም። በ2021 ከ6,000 በላይ ሰዎች የተለኩበት ትልቅ ጥናት ወጥቶ ነበር። የሰውነት መጠን ልዩነት በስሌት ከተስተካከለ በኋላ ከ20 እስከ 60 ዓመት የሚቃጠለው መጠን እንደማይቀንስ አሳይቷል። መውረድ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ነው፣ እሱም ቀስ ብሎ።

ታዲያ ሰውን ከሰው በሰፊው የሚለየው ምንድን ነው? ስፖርት ብለን የማንቆጥረው እንቅስቃሴ ነው። መቆም፣ መመላለስ፣ ደረጃ መውጣት፣ ዕቃ ማንሳት፣ ልጅ ተከትሎ መሮጥ። እህትዎ ምን እንደምትሠራ አልነገሩኝም። ሱቅ ውስጥ ቆማ የምትውል ወይም ካፌ የምታስተናግድ ብትሆን፣ በቀን ሦስት ሰዓት ያህል በዝግታ መመላለሷ አይቀርም። ይህ ብቻ ከመቀመጥ በላይ 250 ካሎሪ ያህል ይጨምርላታል። እርስዎ ደግሞ፣ ካልተሳሳትኩ፣ ጠዋት በባጃጅ ይሄዳሉ፣ መስኮት ላይ ይውላሉ፣ ማታ በባጃጅ ይመለሳሉ። ሐዋሳ ሜዳ ከተማ ናት፤ ድሮ ሕዝቡ በብስክሌት ነበር የሚሄደው። ባጃጁ ሲመጣ ያ እንቅስቃሴ ከብዙዎቻችን ቀን ላይ ጠፋ።

አሥራ አንዱን ኪሎም ላስላልዎት። አንድ ኪሎ ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይይዛል። 11 ኪሎ ለአራት ዓመት ሲካፈል በአማካይ በቀን የተጠራቀመው 58 ካሎሪ ነው፤ ግማሽ የሾርባ ማንኪያ ዘይት። ይህን ማንም ሰው በዓይኑ አያየውም። ስለዚህ «የምበላው ትንሽ ነው» ሲሉኝ ዋሹኝ አልልም። በ1992 አሜሪካ ውስጥ «ትንሽ እየበላን አልቀንስ አልን» ያሉ ሰዎች በትክክል ተለክተው ነበር። ሜታቦሊዝማቸው ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የበሉት ግን ከተናገሩት እጥፍ ይጠጋ ነበር። በጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይበሉ ይቆዩና ሽሮው ላይ የተጨመረውን ዘይት ማን ይቆጥራል? ማኪያቶው ላይ የሚገባውን ስኳር፣ የአቮካዶ ጁሱን፣ ቡና ላይ የሚዘገነውን ቆሎና ለውዝስ? የእህትዎንም ቢሆን የሚያዩት አብረው የበሉትን ምሳ ነው እንጂ ሳትበላ ያለፈችውን እራት አይደለም።

አሁን ወደ ኪኒኑ። እዚህ ላይ በለሆሳስ አልናገርም።

የልብዎ ምትና ላቡ ስብ የመቃጠል ምልክት አይደሉም። ሆርሞን በዝቶ ሰውነት ሲመረዝ የሚታዩ ምልክቶች ናቸው። አክስትዎ የሚውጡት እንቅርታቸው ስለወጣ ነው፤ ሰውነታቸው የማያመርተውን እየተኩ ነው። አንገትዎ ላይ ያለው፣ ሆርሞኑን የሚያመርተው የታይሮይድ ዕጢ ጤነኛ ከሆነ ትንሽ መጠን ሲውጡ የራሱን ሥራ ይቀንስና ምንም አይለወጥም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ኪሎ ቢወርድም ከስቡ ጋር ጡንቻ ይሄዳል። ጡንቻ ደግሞ ያንን 1,450 ከሚያቃጥሉት አንዱ ነው!

ከዓመታት በፊት አንዲት እናት በልጃቸው ተደግፈው መጡ። የጎረቤት ኪኒን በቀን ሁለቴ ለሦስት ወር ውጠዋል። 6 ኪሎ ቀንሰው በጣም ደስ ብሏቸው ነበር። ዱካ ላይ ከተቀመጡ ግን ያለ ሰው እርዳታ መነሳት አቅቷቸዋል፤ የጭን ጡንቻቸው አልቋል። የልብ ምታቸው በደቂቃ 150 ነበር፣ ያውም የተዘበራረቀ። እንዲህ ያለ ምት ልብ ውስጥ ደም እንዲረጋ ያደርጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ከሄደ ሽባ ያደርጋል። ስድስቱም ኪሎ ኪኒኑ በቆመ በወራት ውስጥ ተመለሰ። የእርስዎን ደብዳቤ ሳነብ ፊቴ ላይ የመጡት እሳቸው ናቸው። ሐኪም ሳያዝ፣ ሳይመረመሩ፣ አክስትዎን ከሚያስፈልጋቸው መድኃኒት አጉድለው፣ ለምን?

ደረትዎን ካመመዎት፣ ራስዎን ከሳቱ፣ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ምቱ አንዴ ቶሎ አንዴ ዘግየት እያለ ከተዘበራረቀ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህ ሁሉ ባይኖርም በዚህ ሳምንት ሐኪም ልብዎን በኢሲጂ ይይልዎት፤ ምን እንደዋጡም ሳይደብቁ ይንገሩ።

የታይሮይድ ምርመራውን ግን አሁኑኑ እንዳያስደርጉ። ኪኒኑ ደም ውስጥ ስለሚቆይ ውጤቱን ያዛባዋል። ካቆሙ ከስድስት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች የሚባለውን ይመርመሩ። እውነት የታይሮይድ ዕጢዎ ቀዝቅዞ ከተገኘ በራስዎ መጠን እናክምዎታለን። ያኔም ቢሆን ታይሮይድ ብቻውን የሚያመጣው ጭማሪ አብዛኛውን ጊዜ ጥቂት ኪሎ ነው፤ ብዙውም ውኃና ጨው ነው።

የእናትዎ ነገር እንደሚያስፈራዎት ይገባኛል። ግን እግር የሚያሳጣው ስኳር ለዓመታት ሳይቆጣጠሩት ሲቀር ነው። ነርቭ ይደነዝዛል፣ የደም ሥር ይጠባል፣ ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል። እርስዎ ገና በ34 ዓመትዎ ስለ እሱ እየጠየቁ ነው። ባዶ ሆድዎን የደም ስኳር ይለኩ፤ ከ100 በታች ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከ126 ጀምሮ ከሆነ በድጋሚ ምርመራ ይረጋገጣል። ስኳራቸው ከፍ ማለት በጀመረ ሰዎች ላይ የተሠራና በ2002 የወጣ ጥናት አለ። ግቡ ከክብደታቸው 7 በመቶ መቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ ነበር። ወደ ስኳር በሽታ መግባታቸው በ58 በመቶ ቀነሰ። በእርስዎ ሲሰላ አምስት ኪሎ ተኩል ነው። እህትዎን ማከል አያስፈልግዎትም፤ 72 ተኩል ይበቃዎታል።

ዘይቱን ከጠርሙስ አያንቆርቁሩ፤ በማንኪያ እየለኩ ይጨምሩ። ማታ ከሥራ ሲወጡ ባጃጁን ይተዉና በፍቅር ሐይቅ በኩል በእግርዎ ይመለሱ። ኪኒኑንም ዛሬውኑ ለአክስትዎ ይመልሱላቸው።