ያላልኩትን እየመለሱልኝ ነው

ጥያቄ፦ «ስብሰባ ላይ ስናገር አንዱ ይነሳና "እሱ የሚለው እኮ..." ብሎ ያላልኩትን ያወራል። ስትሮው ማን የሚባለው ይሄ ነው? ሀሳብን አሳጥሮ ከመድገም በምን ይለያል?»

ወንድሜ፣ ይሄ ነገር እኔንም አንገብግቦኛልና ልንገርህ።

1ኛ፦ የወጣውንና የገባውን ቃል ያዝ። የኮንዶሚኒየማችን ስብሰባ ላይ ያልኩት «ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ከ5,000 ብር በላይ ለሆነ ወጪ ደረሰኝ ይያያዝ፤ ሪፖርት ሲቀርብ ጭቅጭቅ እንዳይኖር» ነበር። ሰብሳቢው ተነሳና «ለእያንዳንዷ ሳንቲም ደረሰኝ አምጡ፣ ኮሚቴው ሌባ ነው እያሉን ነው! በነጻ ላገለገልን ዋጋችን ይሄ ነው?» አለ። ተጨበጨበለት። እይ እንግዲህ፣ «ከ5,000 ብር በላይ» የሚለው ገደቤ ወጥቶ «እያንዳንዷ ሳንቲም» ገባ፤ ምክንያቴ ወጥቶ የስርቆት ክስ ገባ። አፈረስኩ ያለው ራሱ የፈጠረውን ነው፤ የእኔን ሀሳብ አልነካውም። ስትሮው ማን ይሄ ነው። «ትልልቅ ወጪዎች ደረሰኝ ይኑራቸው ይላሉ» ቢል ግን፣ ወሩንና የብሩን መጠን ቢተውም «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» እለው ነበር። መለኪያው የሀሳቡ ባለቤት ሰምቶ መቀበሉ ነው።

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ጸሐፊው ቃለ ጉባኤ ላይ ያሰፈረው የሰብሳቢውን ቃል መሆኑ ነው። «ለማንኛውም ወጪ ደረሰኝ እንዲቀርብ ጠየቁ» ይላል በስሜ! ይታረም ብል «ካለፈ በኋላ አይነካም» ብለው መለሱኝ። ለወራት ጎረቤቶቼ የሚያውቁኝ በዚያ ዓረፍተ ነገር ነበር።

2ኛ፦ የተቃወመህን ሁሉ በዚህ አትክሰስ። እዚያው ስብሰባ ላይ አንዲት እናት «የውሃ መስመር የሚጠግንልን ልጅ ደረሰኝ የለውም፤ ደረሰኝ ካልን ሥራው ይቆማል» አሉ። እሳቸው ቃሌን እንዳለ ይዘው የሚያስከትለውን ነው ያሳዩኝ፤ ይሄ ደህና ተቃውሞ ነው። ደረሰኝ የሌለው ሠራተኛ የተቀበለውን ገንዘብ በወረቀት ይፈርም አልኩ፤ ሀሳቤም ተሻሻለ።

ስውር የሆነም አለ። ከእኛ ወገን አንድ ወጣት በንዴት «ሌቦች!» ብሎ ጮኾ ነበር። ሰብሳቢው ለእሱ ብቻ መለሰና ለሁላችንም መልስ የሰጠ አስመሰለው። ቃሉ በእርግጥ ተብሏል፤ ግን ከመካከላችን ደካማውን መርጦ ነው የተከራከረው።

አናቶል ራፖፖርት የሚባል ምሁር በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከመሟገትህ በፊት የባላንጣህን አቋም እሱ ራሱ እስኪረካ ድረስ መልሰህ ንገረው ይላል። በሚቀጥለው ስብሰባ ያደረግኩት ይህንኑ ነው። «ኮሚቴው የሚለው፦ ያለ ክፍያ እየሠራን በየወጪው ከተጠረጠርን ነገ የሚያገለግል አይገኝም። በትክክል አልኩት?» ብዬ ሰብሳቢውን ጠየቅኩት። «ትክክል» አለ። ከዚያ ደረሰኙ ከጥርጣሬ የሚጠብቀው ራሱን ኮሚቴውን እንደሆነ አስረዳሁ፤ በድምፅ አለፈ።

እና ሲያጣምሙብህ «አላልኩም!» እያልክ አትጩህ። ያልከውን ዓረፍተ ነገር ከነቁጥሩ ድገምና «ለዚህኛው መልስዎ ምንድን ነው?» በል። እኔ አሁን ሀሳቤን ጽፌ ለጸሐፊው ሳልሰጥ እጄን አላወጣም።