የደንበኞቼን ስልክ አንድ በአንድ የሰበሰብኩበት መንገድ

ጥያቄ፦ «ቲክቶክ ላይ 18 ሺህ ተከታይ አለኝ። የቴሌግራም ቻናሌ ደግሞ 6 ሺህ ደርሷል። የልጆች ልብስ ነው የምሸጠው። ባለፈው ሳምንት አካውንቴ ለአራት ቀን ታግዶ ሥራዬ ቀጥ አለ። ተከታዮቼን ወደ ስልክ ወይም ኢሜይል ዝርዝር እንዴት ላምጣቸው? ‹ቁጥራችሁን ላኩልኝ› ብዬ ለጥፌ የላከልኝ 11 ሰው ብቻ ነው።»

እህቴ፣ እኔ የምሸጠው ባልትና ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ። የካቲት 2015 ዓ.ም. ላይ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ሲገደቡ ሥራዬ በሙሉ ቴሌግራም ላይ ነበር። ሁዳዴ ሊገባ የቀረው 11 ቀን ነው። ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ ትልቁ ገበያ እሱ ነው። ሽሮው ተፈጭቶ በጆንያ ተቀምጧል። ቪፒኤን የሚያውቁት ወጣቶች እንደምንም ገብተው ያዝዙኝ ነበር። እናቶቹ ግን ጠፉብኝ። በብዛት የሚገዙኝ ደግሞ እነሱ ናቸው።

ያን ጊዜ ስልክ ይሠራል፤ መልእክትም ይሄዳል። የደንበኞቼ ቁጥር ግን እጄ ላይ የለም። አብዛኞቹ ዕቃ ሲላክላቸው ቁጥራቸውን ሰጥተውኝ ነበር። የሰጡኝ ግን እዚያው ቴሌግራም ቻት ውስጥ ነው። እሱ ሲዘጋ ቁጥሩም አብሮ ተዘጋ። ገደቡ እስከ ሐምሌ ቆየ። ስለዚህ ጥያቄሽ ይገባኛል። በእኔ የሠራውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ተከታዮችሽን ተያቸው። ከዚህ በፊት ከገዙሽ ሰዎች ጀምሪ። ቁጥራቸው አንቺ ጋ አለ፤ የተበታተነ ብቻ ነው። የድሮ ቻቶችሽ ውስጥ፣ የሞተረኛሽ ስልክ ላይ፣ አድራሻ የጻፍሽበት ደብተር ላይ። እኔ ሦስት ማታ ቁጭ ብዬ ቻቶቼን አንድ በአንድ ከፍቼ 190 ቁጥር አወጣሁ። ግን ቁጥሩን የሰጡሽ ዕቃ እንዲደርሳቸው እንጂ ማስታወቂያ እንዲላክላቸው አይደለም። ስለዚህ የመጀመሪያው መልእክት ፈቃድ መጠየቂያ ይሁን። ማን እንደሆንሽ፣ መቼ ከአንቺ እንደገዙ፣ ምን ልትልኪላቸው እንደምትፈልጊ ንገሪያቸው። እሺ ያለሽን ብቻ መዝግቢ። አሁን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1321/2016 ነው። የሰው መረጃ በፈቃድ ወይም በሌላ ሕጋዊ ምክንያት መያዝ እንዳለበት ይደነግጋል። አዋጁ ባይኖርም ያለ ፈቃድ የላክሽላት ሴት ቁጥርሽን ብሎክ ታደርገዋለች።

አሁን ወደ ተከታዮችሽ እንምጣ። «ቁጥራችሁን ላኩልኝ» የሚለው ፖስት ለምን እንዳልሠራ ላስረዳሽ። ቪዲዮ የሚያይ ሰው በዚያ ሰዓት ከአንቺ የሚፈልገው ነገር የለም። ቁጥር የሚሰጠው አንድ ነገር ፈልጎ ሳያገኝ የቀረ ሰው ነው። እኔ ይሄን የተረዳሁት የማረቆ በርበሬ ያለቀብኝ ጊዜ ነው። ስለ በርበሬው ቪዲዮ ለቅቄ 63 ሰው በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። ከዚያ በፊት ቢሆን «አልቋል» ብዬ እዘጋው ነበር። ያን ቀን ግን ለእያንዳንዳቸው እንዲህ ብዬ መለስኩ፦ «አሁን አልቋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈጫል። ስልክዎን ቢሰጡኝ ቪዲዮ ከመልቀቄ ከአንድ ቀን በፊት በመልእክት አሳውቅዎታለሁ።» 41 ሰው ሰጠኝ። በርበሬው ሲደርስ ለ41ዱ ላክሁ። 26ቱ በዚያው ቀን አዘዙ። ቪዲዮውን የለቀቅሁት በማግስቱ ነው።

ያ የአንድ ቀን ልዩነት የሁሉ ነገር መሠረት ነው። አንድ ጊዜ ቸኩዬ ቪዲዮውን አስቀድሜ ለቀቅኩት። የዝርዝሩ ሰዎች መልእክቴ ሲደርሳቸው ግማሹ ተሽጦ ነበር። አንዲት እናት ደውለው «ታዲያ ስልኬን ለምን ሰጠሁሽ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለዝርዝሩ ሰው ቀድሞ የሚደርሰው ነገር ከሌለ ቁጥሩን የሚሰጥበት ምክንያት የለም።

አንቺ ጋ ይሄ በየቀኑ ይከሰታል። «የአራት ዓመት ልጅ ልክ አለ?» ትልሻለች። የለም ትያታለሽ። እዚያ ላይ አታቋርጪው። ልኩን ጠይቂ፣ ስልኳን ጠይቂ፣ ሲመጣ ቀድመሽ ንገሪያት። ሌላው ጥሩ ሰዓት ዕቃው የደረሰ ቀን ነው። ደስ ብሏት «አመሰግናለሁ፣ ልክክ አለበት» ያለችሽ እናት አትከለክልሽም።

አንድ ነገር አደራ። ኮሜንት ላይ ቁጥር አታስጽፊ። አጭበርባሪዎች ከኮሜንት ላይ ቁጥር ለቅመው በሻጩ ስም ይደውላሉ። «ዕቃሽ ደርሷል፣ ቅድሚያ ክፈይ» ይላሉ። የእኔን ደንበኛ እንደዚህ ብር ወስደውባታል፤ እስካሁን ያንገበግበኛል። ቁጥሩን የጻፈ ሰው ካየሽ ኮሜንቱን አጥፊና በውስጥ መስመር አናግሪው።

የቴሌግራም ቻናል ስላለሽ እንዳትዘናጊ። ብዙ ሰው ከቲክቶክ ወደ ቴሌግራም ሰው ሲያመጣ የራሱ ዝርዝር ያገኘ ይመስለዋል። ቻናሉ ግን የተከታዮችሽን ስልክ አይሰጥሽም። ቻናሉ ከጠፋ 6 ሺዎቹም አብረው ይጠፋሉ።

የሰበሰብሽውን ጎግል ሺት ላይ አስቀምጪ። አምስት ዓምድ ይበቃል፦ ስም፣ ስልክ፣ ምን እንደፈለገች፣ ፈቃድ የሰጠችበት ቀን፣ መጨረሻ የገዛችበት ቀን። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። 0911 ብለሽ የሚጀምር ቁጥር ስትጽፊ ሺቱ እንደ ሒሳብ ቆጥሮት ዜሮውን ይበላዋል። መጀመሪያ የስልኩን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ወደ ጽሑፍ ቀይሪው። ደግሞ አንዷ 09 ብላ፣ ሌላዋ +2519 ብላ ትሰጥሻለች፤ በ07 የሚጀምርም አለ። ሁሉንም በ+251 አድርጊው። አለበለዚያ አንዷን ሴት ሁለት ጊዜ መዝግበሽ ሁለት ጊዜ ትልኪላታለሽ። ፋይሉን በወር አንዴ አውርደሽ ፍላሽ ላይም አስቀምጪ። የጎግል አካውንትም ሊዘጋ ይችላል።

አሁን መልእክቱ። በአማርኛ ፊደል ስትጽፊ አንድ የጽሑፍ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታና ነጥብም ይቆጠራል። በላቲን ፊደል ከሆነ 160 ነው። 71 ከደረሰ እንደ ሁለት መልእክት ይታሰባል። በላቲን ጽሑፍ መሃል አንድ የአማርኛ ፊደል ከገባም ሁሉም ወደ 70 ይወርዳል። መጀመሪያ ይሄን አላውቅም ነበር። ረጅም ሰላምታ ጽፌ ለአንድ ሰው የሦስት መልእክት ዋጋ እከፍል ነበር። አሁን የምልከው እንዲህ ነው፦

«ጤና ይስጥልኝ። የሁዳዴ ሽሮ ተፈጭቷል። ለማዘዝ 1 ብለው ይመልሱ። ላለመቀበል 0።»

ይሄ 51 ነው። የቀረው 19 ለንግድ ስሜ ይሆናል። ስምሽ ሁልጊዜ ይኑር፤ ብዙ ሰው ቁጥርሽን አልመዘገበም። «1 ብለው ይመልሱ» የሚሠራው ከራስሽ ሲም ስትልኪ ነው። በጅምላ መልእክት ላኪ ድርጅት በኩል በቁጥር ፋንታ በስም ብቻ ከላክሽ ደንበኛዋ መመለስ ላትችል ስለምትችል የምትደውልበት ቁጥር ጨምሪበት። 0 ያለችሽን በዚያው ቀን ከዝርዝሩ አውጪ።

ከስልክሽ ለብዙ ሰው በአንዴ ስትልኪ መጀመሪያ ለእህትሽና ለጓደኛሽ ሞክሪው። አንዳንድ ስልክ እንደ ቡድን ይልከውና ሁሉም የሁሉንም ቁጥር ያያል። መቼቱ ውስጥ ገብተሽ ለየብቻ እንዲልክ ማድረግ አለብሽ።

በ2017 ሁዳዴ ለሽሮ ገዢዎቼ ብቻ ላክሁ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት 640 ሰዎች 212ቱ ነበሩ። 47 ትእዛዝ መጣ። ለ640ው በሙሉ ብልክ ኖሮ ሚጥሚጣ ብቻ የሚገዛኝ ሰው በከንቱ ይረበሽ ነበር። «ምን እንደፈለገች» የሚለው ዓምድ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በወር ከአንድ ጊዜ በላይም አልልክም። ሁለቴ የላክሁበት ወር 0 የሚሉት በዝተውብኝ ነበር።

ዋትሳፕ ላይ የብሮድካስት ዝርዝር አለ። በአንዱ 256 ሰው ይይዛል። ግን የሚደርሰው ቁጥርሽን ስልኳ ላይ ለመዘገበች ብቻ ነው። ስለዚህ ዕቃ ስታደርሺ «ቁጥሬን በዚህ ስም መዝግቢው» በያት። የላክሽው ላይ አንድ ምልክት ብቻ ሆኖ ለቀናት ከቆየ አልመዘገበችሽም ማለት ሊሆን ይችላል።

ኢሜይል እዚህ አገር ላሉት ደንበኞቼ ብዙም አልሠራልኝም። የሠራልኝ አሜሪካና አውሮፓ ሆነው ለእናታቸው በርበሬ የሚያዝዙት ጋ ነው። እነሱ ኢሜይል ያነባሉ፤ ወደ ውጭ አገር መልእክት መላክም ውድ ነው። በነፃው ጂሜይል በቀን እስከ 500 አድራሻ መላክ ይቻላል። አድራሻዎቹን BCC በሚለው ቦታ አስገቢ። እኔ አንድ ጊዜ በዋናው ቦታ አስገብቼ 80 ሰው የሌላውን ኢሜይል አየ። ሁሉንም ይቅርታ ጠይቄያለሁ።

ለአንቺ ሥራ አንድ ዓምድ ልጨምርልሽ፦ የልጁ የልደት ወርና ዓመት። እኔ ሽሮ መቼ እንደሚያልቅ ገምቼ ነው የምልከው። አንቺ ግምት አያስፈልግሽም፤ ልጁ በየወሩ ያድጋል። ሁለት ዓመት ሲሞላው እናቱ የገዛችለት ልብስ ከጥቂት ወር በኋላ እንደሚጠበው ታውቂያለሽ። ያኔ ለዚያች እናት ብቻ «የሚቀጥለው ልክ ገብቷል» ብለሽ ላኪላት። የልጁን ሙሉ ስም ግን አትያዢ፤ አያስፈልግሽም።

እነዚያ 11 ሰዎች ደግሞ ትንሽ እንዳይመስሉሽ። ምንም ሳታቀርቢላቸው ቁጥራቸውን ሰጥተውሻል። ዛሬ ማታ ለየብቻ ደውይላቸው። የልጃቸውን ልክ ጠይቂና ሺቱ ላይ የመጀመሪያዎቹን 11 መስመሮች በእነሱ ሙዪ። አዲሱ ዕቃሽ ሲመጣ ቲክቶክ ላይ ከመልቀቅሽ በፊት ለእነሱ ላኪ። ስንቱ እንዳዘዘ እዚሁ ንገሪኝ፤ መልእክቱን አብረን እናስተካክለዋለን።